ዙም ሲደረግ የሚፈርሰው የካሜራ ምስል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ምልክቱ

ስርቆት ደርሷል። ካሜራው ሲሠራ ነበር፤ ሰውየው ሲገባም ሲወጣም ይታያል። ሙሉው ምስል ሞኒተር ላይ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ፊቱ ላይ ዙም ሲደረግ ግን ዓይንና አፍንጫው ተደባልቆ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆናል። የባጃጅ ታርጋ ከሆነም የሚቀረው ነጭ ጭረት ብቻ ነው። «አቦ፣ ኮምፒውተር ላይ አጥራልኝ እንጂ!» የሚል ደንበኛ ድሬዳዋ ላይ ከታይዋን እስከ ሳቢያን አይጠፋም። ሌንሱ መጠረጉን፣ ፎከሱ አለመላላቱን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ከሁሉ በፊት ቪዲዮውን አድኑት

1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ አራት ካሜራ፣ እያንዳንዱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ሲቀዳ፣ ዲስኩ ስድስት ቀን እንኳ ሳይደፍን ይሞላል። ከዚያ ዲቪአሩ፣ ማለትም የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ሳጥን፣ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይጽፋል። ሰው ደግሞ «እገሌ ይሆን? እገሌ?» እያለ ሳምንት ይቆይና ወደ ባለሙያ ይመጣል። ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

ስትፈልጉ ሰዓቱን አትርሱ። «ሌሊት 8 ሰዓት» ዲቪአሩ ላይ 02:00 ነው፤ ቀኑም የፈረንጅ ነው። የዲቪአሩ ሰዓት ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል፣ የስልካችሁን ሰዓትና የሞኒተሩን ሰዓት አንድ ላይ ፎቶ አንሱ። ይህች ፎቶ ኋላ የጎረቤት ካሜራ ሲመጣ ትፈለጋለች።

በስልክ አፕ የታየውን በስክሪን ቀድታችሁ፣ ወይም ሞኒተሩን በስልክ ቀርጻችሁ በቴሌግራም አትላኩ! አፑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ለኢንተርኔት እንዲቀል ያነሰውን Sub Stream ነው። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሲላክ እንደገና ይጨምቀዋል። የግድ ከሆነ ከዲቪአሩ የወጣውን ፋይል እንደ File ላኩት።

ምክንያቱ

ካሜራ የሚቀዳው ነጥቦችን፣ ማለትም ፒክስሎችን ነው። 1080 የሚባለው ካሜራ በአግድም 1920 ነጥብ አለው። እነዚህ ነጥቦች ካሜራው በሚያየው ስፋት ላይ ይከፋፈላሉ፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ለአንድ ሰው የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። ዙም ያንን ድርሻ አይጨምርም፤ ያሉትን ነጥቦች እየለጠጠ በመሃላቸው በግምት ይሞላል። ሊጥ ላይ ውሃ ቢጨመር ይበዛል እንጂ ዱቄቱ አይጨምርም።

እዚህ ከተማ የሚሰቀለው ካሜራ አብዛኛው 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ነው። ሰው የሚወደው ግቢውን በሙሉ ስለሚያሳይ ነው። ይህ ሌንስ እስከ 105 ዲግሪ አካባቢ ያያል፤ ስለዚህ 10 ሜትር ርቀት ላይ የሚሸፍነው ስፋት 26 ሜትር ይደርሳል። 1920ን ለ26 ስናካፍል በአንድ ሜትር 74 ነጥብ ይደርሰናል። የሰው ፊት ስፋቱ 16 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፊቱ በሙሉ በ12 ነጥብ ተሠርቷል ማለት ነው። የአውሮፓው የካሜራ ደረጃ EN 62676-4 በእ.ኤ.አ. 2015 እትሙ የማያውቁትን ሰው ለመለየት በሜትር 250 ነጥብ ይጠይቃል፤ ለአንድ ፊት 40 ነጥብ መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት 2.8 ሌንስ ያለው 1080 ካሜራ ፊት የሚለየው እስከ 3 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ «ሰው አለፈ» ይላል፤ ማን እንደሆነ አይናገርም።

ሳቢያን ላይ የነበረው ሱቅ

ስልክ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ባጃጅ ማዶ ቆመ፣ አንዱ ወርዶ ዕቃ ይዞ ተመለሰ። ካሜራው ከታፔላው በላይ ነው፤ ባጃጁ ከካሜራው 10 ሜትር ያህል ይርቃል። ባለሱቁ ከአፑ የቀዳውን ይዞ መጣ። VLC ላይ ከፍቼ Ctrl+J ስጫን (Codec Information የሚለውን ያመጣል) 640 በ360 ይላል። 640ን ለ26 ስናካፍል በሜትር 25 ነጥብ ነው፤ ፊቱ 4 ነጥብ ሆነ። «ጋሼ፣ ይህ ፊት አይደለም፤ ዲቪአሩ ጋ እንሂድ» አልኩት።

ዲቪአሩ ጋ ስንሄድ ዋናው ቅጂ 1920 ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይበሳጫል። 1080N ነበር። ይህች N የምትባል ፊደል የርካሽ ዲቪአር ተንኮል ናት፦ በቁመት 1080 ይቀዳል፣ በአግድም ግን 1920 ሳይሆን 960 ብቻ፤ ሲያሳይ ለጥጦ ያሰፋዋል። ካርቶኑ ላይ ግን «1080» በትልቁ ተጽፏል። 5M-N የሚባለውም እንደዚያው ነው፤ ባለ 5 ሜጋፒክስሉን ምስል በአግድም ግማሽ አድርጎ ይቀዳል። በዚህ ሱቅ 74 የነበረው ወደ 37 ወረደ፤ ፊቱ 6 ነጥብ ሆነ። ማታ ስለነበረ ደግሞ ካሜራው በአንድ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ነበር የሚያነሳው። ፈጥኖ የሚራመድ ሰው በዚያች ቅጽበት 6 ሴንቲሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ያሉት ስድስት ነጥቦችም እርስ በርስ ተደባልቀው ነበር።

ባለሱቁ ቀድሞ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበርና፣ «ይኸው እሱ አጥርቶታል» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ቅንድቡ፣ የዓይን ብሌኑ፣ ጢሙ ሳይቀር የሚታይ ፊት! ሰፈር ውስጥ አንድ ባጃጅ ነጂ ይመስላል ብሎ መጠርጠርም ጀምሯል። እዚህ ላይ በቃል አልተከራከርኩም። የራሱን ፎቶ አንስቼ ፊቱን ወደ 6 ነጥብ ስፋት አሳነስኩትና በዚያው አፕ እንዲያጠራው አደረግኩ። የወጣው የሌላ ሰው ፊት ነው፤ እሱ የሌለው ጢም ጭምር በቅሎበታል። ዝም አለ።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚያወጣው የተቀዳውን ፊት አይደለም። በብዙ ፎቶ ከተማረው ውስጥ ለነዚያ ጥቂት ነጥቦች የሚስማማ አንድ ፊት ፈጥሮ ይሰጣል፤ ለነዚያው ነጥቦች የሚስማማ ፊት ግን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ፐልስ የተባለ ፕሮግራም የባራክ ኦባማ የደበዘዘ ፎቶ ተሰጥቶት የነጭ ሰው ፊት ማውጣቱ በሰፊው ተወርቷል። በዚህ ዓይነት ምስል ሰው አትጠርጥሩ። ለፖሊስም አትስጡ። ሰፈር ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ ከተለጠፈ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

ከተቀዳው ቪዲዮ የሚወጣው

ከዋናው ፋይል ግን አንዳንድ ነገር ይወጣል። VLC ላይ E የሚለውን ፊደል እየተጫናችሁ አንድ አንድ ምስል እየዘለላችሁ እዩ። ዲቪአር ሁሉንም ምስል ሙሉ አይቀዳም፤ በየተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ በየሁለት ሰከንዱ፣ አንድ ሙሉ ምስል ይይዝና በመሃል የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ሙሉዋ ምስል ላይ ስትደርሱ ነገሩ ድንገት ጠራ ይላል፤ ፎቶ የምታወጡት ከዚያች ነው። የጨለመ ከሆነ ብርሃንና ኮንትራስት መጨመር ይጠቅማል፤ ተቀድቶ ለዓይን ያልታየ ነገር ስላለ። የቆመ መኪና ታርጋም ብዙ ምስል ተደራርቦ አማካዩ ሲወሰድ ሊሻሻል ይችላል፤ እያንዳንዱ ምስል የራሱን እውነተኛ ነገር ስለሚያዋጣ። የሚራመድ ሰው ስድስት ነጥብ ፊት ግን በዚህም አይድንም።

የዚህ ሱቅ ነገር የተገኘው በሌላ በኩል ነው። ባጃጁ የኋላ መስታወቱ ላይ ትልቅ ክብ ስቲከር ነበረው፤ ይህን ያህል በስድስት ነጥብም ይለያል። በሄደበት አቅጣጫ ያሉትን ሱቆች አንድ በአንድ ጠየቅን። የአንዱ መድኃኒት ቤት ካሜራ በር ላይ፣ በሰው ቁመት፣ ከመተላለፊያው 3 ሜትር ላይ ነበር። የእነሱ ዲቪአር ሰባት ደቂቃ ይቀድማል፤ የሰዓቶቹን ፎቶ ይዘን ባንሄድ ኖሮ የተሳሳተውን ደቂቃ ከፍተን «የለም» ብለን እንመለስ ነበር። ስቲከሩም ሰውየውም እዚያ አሉ። ባለሱቁ ግን «እሱ አይደለም፣ የእኛው ነጭ ጃኬት ነው የለበሰው» አለ። መድኃኒት ቤቱ መብራት ስላለው ካሜራው በቀለም ይቀዳል፤ ጃኬቱ ጥቁር ነው። የሱቁ ካሜራ ደግሞ ማታ በኢንፍራሬድ ነው የሚያየው፤ በኢንፍራሬድ ብዙ ጥቁር ጨርቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሌሊት ጥቁርና ነጭ ምስል አይታችሁ የልብስ ቀለም አትመስክሩ! ሁለቱም ፋይል እንዳለ፣ ምንም ሳይነካ፣ ለፖሊስ ተሰጠ።

ለሚቀጥለው ጊዜ

2.8ቷን አታውርዷት፤ ግቢውን ትይ። ሁሉም ሰው የግድ የሚያልፍበት ቦታ ላይ 6 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው አንድ 1080 ካሜራ ጨምሩ፤ 8 ሜትር አካባቢ ድረስ ፊት ይለያል። ከፍታው 2 ሜትር ገደማ ይሁን፤ አራት ሜትር ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚያነሳው ኮፍያ ነው። ይሰርቁታል ብሎ የሚሰጋ ሰው በብረት ሳጥን ያስረው። ዲቪአሩ ያነሰውን ሳይሆን ሙሉውን ምስል፣ Main Stream የሚባለውን፣ እንዲቀዳ አድርጉ፤ ሲገዛም N የሌለበትን ጠይቁ፣ ሻጩ «ያው ነው» ካላችሁ ጥላችሁት ሂዱ። ማታ መብራት ጨምራችሁ ሻተሩን፣ ማለትም አንዱ ምስል የሚነሳበትን ጊዜ፣ 1/100 ሰከንድ አድርጉት። ታርጋ ከፈለጋችሁ ለብቻው ካሜራ ይፈልጋል፦ በሰዓት 30 ኪሎሜትር የሚሄድ ባጃጅ በ1/25 ሰከንድ 33 ሴንቲሜትር ይጓዛል፣ በ1/500 ግን ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም።

ከዚያ ማታ አንድ ሰው ሌባው በሚያልፍበት ፍጥነት አሳልፉ፤ በስልኩ አፕ ሳይሆን ከዲስኩ ገልብጣችሁ እዩት። ፊቱ ካልለየ ያን ጊዜ ሌንሱን መቀየር ይቻላል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ማታ ብቻ ምስሉ ነጭ ጉም ከሆነ የሸረሪት ድር ወይም አቧራ ነው፤ በኢንፍራሬድ ያበራል። ቀን ሰው ከበር ሲገባ ጥላ ብቻ ከሆነ የውጭው ፀሐይ ነው፤ ደማቁንና ጨለማውን የሚያመጣጥነውን WDR አብሩ ወይም ካሜራውን አዙሩት። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ 2000 የሚመለስ ዲቪአር ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ አብዛኛው ላይ CR2032 ናት።