የዕጣ ናሙና ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምሳሌያችን ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ 642 ቤተሰቦች ተመዝግበዋል፣ ከ1 እስከ 642 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ከእነሱ 120ው በዕጣ መውጣት አለባቸው። በኤክሴል ዝርዝሩ ከረድፍ 2 እስከ ረድፍ 643 ይሄዳል፦ A ላይ ተራ ቁጥር፣ B ላይ የቤተሰቡ ኃላፊ ስም፣ C ላይ ስልክ፣ D ላይ የዕጣው ቁጥር። የናሙናው መጠን እንዴት እንደሚሰላ እዚህ አንገባም፤ 120 የሚለው ቁጥር ተወስኖ ያለቀ ነው።

ምልክት፦ ትናንት የወጣው ናሙና ዛሬ ሌላ ሆኗል

ደጋግሞ የሚመጣው ችግር ይሄ ነው። D ላይ ይህ ፎርሙላ ተጽፏል፦

```
=RAND()
```

ፎርሙላው ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል አንድ የዕጣ ቁጥር ይሰጣል። ግን ቁጥሩ አይረጋም። በፋይሉ ውስጥ የትም ቦታ አንድ ሴል ላይ ጽፈው Enter ሲጫኑ 642ቱም ቁጥሮች እንደ አዲስ ይወጣሉ፤ ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈትም እንዲሁ። ዝርዝሩን በD ቅደም ተከተል ሲያስይዙት (Sort) ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ረድፎቹ በትክክል ይደረደራሉ፣ ወዲያው ግን D እንደገና ይሰላና ቁጥሮቹ የተዘበራረቁ ይመስላሉ። ተጠቃሚው «አልሠራም» ብሎ ይደግመዋል፣ ይሰልሳል። በእያንዳንዱ ሙከራ ያገኘው ሌላ ናሙና መሆኑን አያውቅም።

ከዚህ የከፋው ሳይደረድሩ በደረጃ መምረጥ ነው። E ላይ ይህ ይጻፋል፦

```
=IF(RANK(D2,$D$2:$D$643)<=120,"ተመርጧል","")
```

ፎርሙላው ራሱ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ጥፋቱ D ሳይረጋ መጠቀሙ ነው። ፋይሉ በቴሌግራም ለሦስት መረጃ ሰብሳቢዎች ይላካል፤ «አንተ የመጀመሪያዎቹን 40፣ አንቺ ቀጣዮቹን 40፣ አንተ የመጨረሻዎቹን» ይባላል። ሦስቱም በየላፕቶፓቸው ከፍተው አንድ ነገር ሲነኩ ሦስት የተለያዩ 120ዎች ያያሉ። አንዱ ቤት በሁለት ሰው ይንኳኳል፣ መመረጥ የነበረበት ሌላው ቤት ማንም አይደርስበትም፣ አስተባባሪው እጅ ላይ ያለው የታተመ ዝርዝር ደግሞ ከሦስቱም ጋር አይገጥምም። ይሄ የሚታወቀው መጠይቁ ተሞልቶ ሲመለስና የቤት ቁጥሮች ሲመሳከሩ ነው። ያኔ የተለቀመው መረጃ የየትኛው ዕጣ ውጤት እንደሆነ ማንም መናገር አይችልም።

መፍትሄው ቁጥሩን ማድረቅ ነው። ከD2 እስከ D643 ይምረጡ፣ Copy ያድርጉ፣ እዚያው ቦታ ላይ Paste Special ከዚያ Values ብለው ይለጥፉ። በኤክሴል Ctrl+Alt+V፣ V፣ Enter ነው፤ በጉግል ሺትስ Ctrl+Shift+V ይበቃል። አሁን D2 ላይ ጠቅ ሲያደርጉ ከላይ ባለው የፎርሙላ መስመር ላይ =RAND() ሳይሆን እንደ 0.4172 ያለ ቁጥር መታየት አለበት። አሁንም =RAND() ካለ አልደረቀም። መደርደርም መምረጥም ከዚህ በኋላ ነው። የደረቀውን የD ዓምድ አያጥፉት፤ ፈታኝ ወይም አማካሪ «እንዴት አወጣችሁት?» ሲል የሚቀርበው ማስረጃ እሱ ነው።

Calculation Options ውስጥ ገብቶ Manual ማድረግ መፍትሄ አይደለም። F9 ሲነካ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ ኤክሴል ቅንብሩ ካልተነካ በስተቀር ፋይሉን ሲያስቀምጡም እንደገና ያሰላል። «እኔ ማኑዋል አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ፋይል ካገኙ ለማንኛውም D2ን ከፍተው ይዩ።

በአዲሶቹ ኤክሴሎች ሥራውን በአንድ መስመር የሚጨርስ ፎርሙላ አለ፦

```
=TAKE(SORTBY(A2:A643,RANDARRAY(642)),120)
```

ምቹ ነው፣ ግን ይሄም እንደ RAND ይለዋወጣልና መድረቅ አለበት።

አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ቁጥሩ ከደረቀ በኋላ «ናሙናው ከላይኛው ሰፈር ብዙ አወጣ፣ ትንሽ ይመጣጠን» ብሎ ደግሞ ማውጣት የተለመደ ነው። እስኪጥም ድረስ የተደጋገመ ዕጣ ዕጣ አይደለም፤ መራጩ ሰውዬው ነው። ሰፈሮቹ እንዲመጣጠኑ ከተፈለገ ከመጀመሪያው ዝርዝሩን በሰፈር ከፍሎ ከየክፍሉ ለብቻ ማውጣት ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነው፣ ስሙም ስሌቱም ይለያል።

ምልክት፦ የተመረጡት ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ተከማችተዋል

የተመረጡት ከ1 እስከ 120 በቅደም ተከተል ከሆኑ ኤክሴል ሲደረድር የጠየቀው ጥያቄ በስህተት ተመልሷል። D ብቻ ተመርጦ Sort ሲባል Expand the selection ወይስ Continue with the current selection ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው D ብቻውን ተደርድሮለታል፤ ስሞቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በB ዓምድ ላይ እንዲህ ከተደረገ ደግሞ የአበበ ስም ከከበደ ስልክ ጋር ይቀመጣል፤ ያ ፋይል አይጠገንም፣ ወደ ዋናው ቅጂ ይመለሱ።

ቁጥሮቹ የተዘበራረቁ ሆነው ከ300 በላይ የሆነ ከሌለ ግን መሃል ላይ ባዶ ረድፍ ይፈልጉ። ዝርዝሩ ከሁለት መዝገብ ተገልብጦ መካከሉ ላይ ክፍት ቦታ ሲቀር፣ ኤክሴል ዝርዝሩ እዚያ ያለቀ ይመስለውና ከላይ ያለውን ብቻ ይደረድራል።

ለማጣራት የሚረዳ ፈጣን መለኪያ አለ፦ ከ1 እስከ 321 ካሉት ስንት እንደወጡ ይቁጠሩ። የሚጠበቀው 60 ገደማ ነው፤ ከ50 እስከ 70 ያለ ምንም አያስደነግጥም። 75 ወይም 80 ካገኙ ግን አሠራሩን መመርመር ይገባል።

ምልክት፦ 120 ቁጥር ወጥቶ ቤቶቹ 110 ብቻ ሆኑ

ይህ ጥቅም ላይ ውሏል፦

```
=RANDBETWEEN(1,642)
```

ፎርሙላው ዕጣውን አንስቶ መልሶ ወደ ሳጥኑ እንደሚከት ሰው ነው፤ አንድ ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጣል። ከ642 ውስጥ 120 ጊዜ ሲያነሳ በአማካይ አሥር ገደማ የሚሆነው ድግግሞሽ ነው። በዚህ ፎርሙላ መሥራት ካለብዎ 150 ያህል ያውጡ፣ ያድርቁ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል ድግግሞሹን እየሰረዙ የመጀመሪያዎቹን 120 ይውሰዱ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው የመጀመሪያዎቹን 120 ከወሰዱ የዝርዝሩን ጭራ ቆርጠው ጣሉት ማለት ነው።

ምልክት፦ በሠንጠረዥ ወጥቶ ትንንሽ ቁጥሮች በዝተዋል

የዕጣ ቁጥር ሠንጠረዥ መብራትም ኮምፒውተርም አይፈልግም፤ በትክክል ለሚጠቀምበት አሁንም አስተማማኝ ነው። ከሚታወቁት አንዱ የአሜሪካው የምርምር ድርጅት ራንድ ኮርፖሬሽን በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአንድ ሚሊዮን አኃዞች ሠንጠረዥ ነው። የመጀመሪያው መስመር፣ እዚህ ለሁለት ተከፍሎ፣ እንዲህ ይላል፦

```
10097 32533 76520 13586 34673
54876 80959 09117 39292 74945
```

በአምስት በአምስት የተከፋፈለው ለዓይን እንዲመች ብቻ ነው፤ ክፍተቱን ይርሱት። 642 ባለሦስት አኃዝ ስለሆነ ሦስት ሦስት እያደረግን እናነባለን፦ 100፣ 973፣ 253፣ 376፣ 520፣ 135፣ 863፣ 467፣ 354፣ 876፣ 809፣ 590፣ 911፣ 739፣ 292፣ 749። ከ001 እስከ 642 ያሉት ብቻ ይያዛሉ፦ 100፣ 253፣ 376፣ 520፣ 135፣ 467፣ 354፣ 590፣ 292። የቀሩት ይዘለላሉ፤ 000 እና ቀድሞ የወጣ ቁጥርም ይዘለላሉ። መጨረሻ ላይ የተረፉት 4 እና 5 ከቀጣዩ መስመር መጀመሪያ አኃዝ ጋር ይጣመራሉ። አምስተኛ ቤት 005 እንጂ 5 አይደለም፤ አንድ አኃዝ ብቻ የሚያነብ ሰው ከ1 እስከ 9 ላሉት ሌላ ያላገኘውን ዕድል ይሰጣቸዋል።

ትንንሽ ቁጥሮች የሚበዙት በመዝለል ፋንታ በመቀነስ ነው። «973 ከመጣል 642 ልቀንስለትና 331 ይሁን» የሚለው ቁጠባ ብልህነት ይመስላል። ግን ከ643 እስከ 999 ያሉት ቁጥሮች ሲቀነሱ የሚሄዱት ከ1 እስከ 357 ወዳሉት ቤቶች ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት 200 በ200ም በ842ም ይወጣል፣ ቤት 500 ግን በ500 ብቻ። ከላይ ባለው መለኪያ ሲታይ የመጀመሪያው ግማሽ በ60 ፋንታ 75 አካባቢ ያገኛል። መቀነስ የሚፈቀደው ሁሉም ቤት እኩል ቁጥር ሲደርሰው ነው። ዝርዝሩ 300 ቢሆን ኖሮ ከ301 እስከ 600 ላለው 300፣ ከ601 እስከ 900 ላለው 600 ቀንሶ፣ ከ901 በላይ ያለውንና 000ን መጣል ያስኬዳል።

ሁልጊዜ ከላይኛው ግራ ጥግ አይጀምሩ፤ አንድ መጽሐፍ የያዘ ሁሉ ከዚያ ከጀመረ ተመሳሳይ ቁጥር ይወጣለታል። ምሳሌው ከዚያ የጀመረው ለማሳየት ብቻ ነው። ዓይን ጨፍኖ በእርሳስ መጠቆም ይበቃል፤ ግን ገጹ፣ መስመሩ፣ ዓምዱና የንባቡ አቅጣጫ ከማንበብ በፊት ይጻፍ።

ምልክት፦ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ቁጥሮቹ ግን የተለያዩ ናቸው

እዚህ ዕጣው ጥፋት የለበትም፤ ዝርዝሩ ነው። ቤተሰቡ አንዴ በባል ስም አንዴ በሚስት ስም ተመዝግቧል፣ ወይም አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ ዓለሙ» ሌላው «ሀይሉ አለሙ» ብሎ ጽፎታል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ኃ እና ሀ፣ ዓ እና አ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። በስም ድግግሞሽ መፈለግ ስለዚህ አያዋጣም። ስልኩን ይጠቀሙ፤ እሱም አንዴ በ09 አንዴ በ+251 ስለሚጻፍ F ላይ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አኃዞች ያውጡ፣ G ላይ ይቁጠሩ፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(C2," ",""),9)
=COUNTIF($F$2:$F$643,F2)
```

ከ1 በላይ የሆነውን በቤት ቁጥር ያመሳክሩ፤ ጎረቤታሞች አንድ ስልክ ያስመዘገቡ ሊሆኑም ይችላሉ። ስልክ ያልተጻፈላቸውን ረድፎች ለብቻ በዓይን ማየት ግድ ነው። ይሄ ሁሉ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ቢሠራ ጥሩ። መስክ ከተወጣ በኋላ ከተገኘ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ረድፍ ብቻ እንደ እውነተኛ ይቆጠር፤ በዚያ ረድፍ ከወጣ ይቆያል፣ በሁለተኛው ብቻ ከወጣ ይሰረዛል።

ምልክት፦ የተመረጠው ቤት ዝግ ነው

ጎረቤቱን አይተኩ። ቀን ቤት የሚገኙት ይበዙና ሥራ የሚውሉት ይጎድላሉ። በሌላ ሰዓትና በሌላ ቀን ይመለሱ። ተጠባባቂ ካስፈለገ ከመነሻው ከ121ኛ እስከ 132ኛ የወጡት ይያዙ፣ በወጡበት ተራ ይግቡ፤ ስንት ቤት እንደተተካና ለምን እንደሆነም በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።