የጋላክሲ ፍጥነት ስሌት ሲሳሳት፦ ችግርና መፍትሄ

አንድ ጋላክሲ ከእኛ የሚርቅበትን ፍጥነት ለማስላት፣ የታወቀ የስፔክትረም መስመር በቤተ ሙከራ ያለውን የሞገድ ርዝመት (λ0) ከጋላክሲው ብርሃን ላይ ከተለካው (λ) ጋር እናነጻጽራለን። ከታች z መስመሩ የተዛወረበት መጠን፣ v ፍጥነቱ፣ c ደግሞ የብርሃን ፍጥነት ነው።

```
z = (λ − λ0) / λ0
v = c × z
```

ምሳሌያችን በሰንቡላ ኅብረ ኮከብ የሚገኘው 3C 273 የተባለው ኳዛር ነው። ኳዛር እጅግ የደመቀ የጋላክሲ እምብርት ነው።

ምልክት፦ ፍጥነቱ ከሚጠበቀው ያንሳል

ልዩነቱ የተካፈለው ለተለካው ርዝመት ሊሆን ይችላል። ከሃይድሮጂን መስመሮች አንዱ የሆነው ኤች-ቤታ በቤተ ሙከራ 486.1 ናኖሜትር ላይ ሲታይ፣ በ3C 273 ብርሃን ግን 563.2 ላይ ይገኛል። ልዩነቱ 77.1 ነው። ለ563.2 ካካፈልነው ፍጥነቱ በሰከንድ 41,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ትክክለኛው አካፋይ 486.1 ሲሆን z 0.1586፣ ፍጥነቱም 47,550 ገደማ ይሆናል። አካፋዩ ምንጊዜም የቤተ ሙከራው ቁጥር ነው።

ምልክት፦ ሁለት መስመሮች ሁለት ፍጥነት ይሰጣሉ

ከስህተቶቹ ሁሉ አሳሳቹ ይህ ነው፤ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ መስመሩ ሌላ ነውና። 563.2 ላይ ያለውን መስመር ኤች-አልፋ (656.3) ነው ብንል፣ ኳዛሩ በሰከንድ 42,500 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ የሚገሰግስ ይመስላል። ቀጥሎ 503.2 ላይ ያለውን ኤች-ቤታ ብንለው ደግሞ በ10,500 ይርቃል። አንድ አካል ሁለቱንም ሊሆን አይችልም።

መፍትሄው z ከመሰላቱ በፊት የሁለቱን መስመሮች ጥምርታ ማየት ነው። ብርሃኑ ሲዘረጋ ሁሉም መስመሮች በአንድ ብዜት ስለሚረዝሙ ጥምርታቸው አይለወጥም። 563.2 ለ503.2 ሲካፈል 1.119 ነው። ኤች-አልፋ ለኤች-ቤታ 1.350 ስለሆነ አይገጥምም። ኤች-ቤታ ለኤች-ጋማ (434.0) ግን 1.120 ነው፤ መስመሮቹ እነዚህ ናቸው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርተን ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1963 የዚህን ኳዛር ምስጢር የፈታው የሃይድሮጂንን መስመሮች አቀማመጥ በማወቁ ነው። ያን ያህል የተዛወረ መስመር ማንም አልጠበቀም ነበር።

ምልክት፦ ፍጥነቱ ከብርሃን ይበልጣል

z 2 ሲሆን ቀላሉ ቀመር በሰከንድ 600,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ቀመሩ ከ0.1 በታች ለሆነ z የተመቸ ግምት ነው። የአንጻራዊነት ቀመር ይህ ነው፦

```
v = c × ((1+z)² − 1) / ((1+z)² + 1)
```

ይህ የ3C 273ን ፍጥነት ወደ 43,800 ያወርደዋል። ይሁን እንጂ የሩቅ ጋላክሲዎች ብርሃን የሚረዝመው በዋናነት ኅዋው ራሱ በመስፋቱ ስለሆነ፣ z ከፍ ሲል ይህም ቀመር የመራቂያ ፍጥነቱን በትክክል አይሰጥም። ስለዚህ z ራሱን መዝግቡ፤ ፍጥነት ከተፈለገ ከኅዋ መስፋት ሞዴል ይሰላል።

ምልክት፦ ፍጥነቱ አሉታዊ ነው

መስመሮቹ ሁሉ ከተስማሙ ስህተት አይደለም። አንድሮሜዳ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ ትቀርባለች።