"እሺ" ካላችሁ በኋላ የተሻለ ሥራ ሲመጣ

ሰኞ ልትጀምሩ ፈርማችኋል። ሐሙስ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተሻለ ደሞዝ ይዘው ደወሉላችሁ እንበል። መጀመሪያ የአዲሱን ሥራ ደብዳቤ በእጃችሁ አስገቡ፤ በስልክ "አልፈሃል" መባል ብቻ አይበቃም። ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ግን ሳታድሩ ለቀጠራችሁ ኃላፊ ደውሉ። ሰው የሚቀየመው ቴሌግራም ላይ ጽፎ በሚጠፋ ሰው ነው።

"ይቅርታ፣ ሌላ ቦታ ለመግባት ወስኛለሁ። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ሌላ ሥራ ሳይዝ ልንገርዎት ብዬ ነው" በሉ። የደሞዙን ነገር አታንሱ፤ ድርድር የጀመራችሁ ይመስላል (አንዳንዱም "እንጨምርልህ" ይላል)። ስልኩን እንደዘጋችሁ ያንኑ በሁለት መስመር ኢሜይል ላኩ።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅን ይፈቅዳል። ውሉ ላይ የሥልጠና ወጪ የሚያስመልስ አንቀጽ ካለ ግን ከመደወላችሁ በፊት አንብቡት።