ሥራችንን የግሉ ካደረገ ባልደረባ ጋር ስንነጋገር የምንሳሳታቸው ነገሮች

አብራችሁ የሠራችሁትን ሪፖርት ባልደረባችሁ ስብሰባ ላይ «እኔ ያዘጋጀሁት» ብሎ አቀረበው እንበል። ብዙ ሰው በቀጥታ እሱን አያናግርም። ማኪያቶ ይዞ ለሌሎቹ ያወራል። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ወሬው በማግስቱ ተጋንኖ፣ «ሌባ ብላሃለች» ተብሎ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ሪፖርቱ ብትጠይቁት «ስሜን ለምን አጠፋሽ?» ይላል። በዳዩና ተበዳዩ ቦታ ተቀያየሩ ማለት ነው። እባካችሁ፣ ከእሱ በፊት ማንም አይስማ።

ሰው ፊት መጋፈጥም አያዋጣም። እዚያው ስብሰባ ላይ ግን «ሠንጠረዦቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄ ካለ እመልሳለሁ» ማለት ይቻላል።

ሌላው ስህተት «ሁሌም ሥራዬን ትሰርቃለህ» ብሎ መጀመር ነው። በምመራው ቡድን ውስጥ አንዲት ባለሙያ የወረዳዎቹን መረጃ ሰብስባ ሠንጠረዥ ሠራች፤ ባልደረባዋ ጽሑፉንና ስላይዱን አዘጋጀ። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ የእሱ ስም ብቻ ነበር። «ሰረቅከኝ» ስትለው ያመሸባቸውን ቀናት መቁጠር ጀመረ። እውነቱን ነው፣ አምሽቷል።

ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ባልና ሚስትን ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ድርሻቸው ለየብቻ ጠይቀው ነበር። በአብዛኞቹ ጥንዶች ዘንድ የሁለቱ መልስ ሲደመር ከመቶ በላይ ሆነ። ሰው የራሱን ልፋት አብልጦ ያስታውሳል። ስለዚህ «ሌባ» የሚለው ክስ ብዙ ጊዜ መከላከያ ብቻ ነው የሚያመጣው።

ያቺ ባለሙያ ከባልደረባዋ ጋር ሁለተኛ ሲገናኙ እንዲህ አለችው፦ «የማክሰኞው ስላይድ ላይ ስሜ የለም። ምን አስበህ ነው?» «አቅራቢው እኔ ስለሆንኩ ነው» አለ። አሁን የሚነጋገሩበት ነገር አገኙ። በዕድሜ ለሚበልጣችሁም ያው ነው፤ «ጋሼ» በሉ፣ አንቱ በሉ፣ ነጥቡን ግን አትተዉት።

ብዙዎች የሚወድቁት መጨረሻው ላይ ነው። «ይቅርታ» ሲላቸው ይሉኝታ ይይዛቸውና «ችግር የለም» ብለው ይነሳሉ። አለቃው ጋ የደረሰው ፋይል ላይ ግን አሁንም አንድ ስም ነው ያለው። የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲመጣ የሚታየው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ማስተካከያውን በግልጽ ጠይቁ። ሪፖርቱ ለደረሳቸው ሰዎች በሙሉ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ፣ እሱ ራሱ ይጻፍ፦ «ሠንጠረዦቹንና የመረጃ ትንተናውን የሠራችው እሷ ናት፤ ሁለታችንም ስማችን ያለበትን ቅጂ አያይዣለሁ።» መቼ እንደሚልክም እዚያው ተስማሙ። የሚቀጥለውን ሪፖርት ማን እንደሚያቀርብ ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ።

እምቢ ካለ ከጀርባው አትሂዱ። «አለቃችን ጋ ላነሳው ነው፤ አብረን ብንሄድ ይሻላል» በሉት። ፋይሉን ማን መቼ እንዳስተካከለ የሚያሳየውን መዝገብና የተላላካችኋቸውን ኢሜይሎች ይዛችሁ ግቡ።