መብራት ሲመለስ ጥቁር የሚሆን ቴሌቪዥን

አያት፣ ጣፎ፣ ቡራዩ አካባቢ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከቴሌቪዥን ጋር የተገናኘው ራስፕበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ወዲያው ይነሳል፤ አሮጌው ቴሌቪዥን ግን በሪሞት እስኪከፈት ዝም ይላል። ፓዩ ሲነሳ ስክሪን ስላላገኘ በኋላ ቴሌቪዥኑ ቢከፈትም ምስል ላይመጣ ይችላል።

መፍትሔው ሪዞሉሽኑን ማስገደድ ነው። ፓዩን አጥፍታችሁ ሜሞሪ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ሰኩ። `bootfs` የሚለው ክፍል ውስጥ `cmdline.txt` አለ፤ መጀመሪያ ኮፒ አስቀሩ። ከዚያ በዚያው መስመር መጨረሻ፣ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ይህን ጨምሩ፦

```
video=HDMI-A-1:1280x720@60D
```

የመጨረሻዋ `D` ናት ዋናዋ፤ ቴሌቪዥኑ መኖሩ ባይታወቅም ምስል እንዲላክ ታስገድዳለች። ኢንተር እንዳትጫኑ! የሚነበበው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ላይ የተጻፈው አይሠራም። ፓይ 4 ከሆነ ገመዱን ከፓወሩ አጠገብ ያለው ኤችዲኤምአይ ላይ ሰኩ።

በአሮጌው ሲስተም የለመዳችሁት `hdmi_mode` ቡልስአይ የሚባለው የፓዩ ሲስተም ከወጣ ወዲህ በተለመደው አሠራር አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚለፋው እዚያ ላይ ነው።

ቴሌቪዥኑ አልቀበልም ካለ በ`1280x720@60D` ፋንታ `640x480@60D` ሞክሩ። ይህን ማንኛውም የኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን መቀበል አለበት፤ እሱም ካልታየ ገመዱን ወይም ሶኬቱን ጠርጥሩ።