ለ10 ዓመት ፍሪጅ «ኮምፕሬሰር ይቀየር» ሲባል፦ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ?

ሠሪው ጀርባውን ነካ ነካ አድርጎ «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ይህን ያህል ብር ይፈጃል» ሲል የቤቱ ሰው ወዲያው ስለ ዋጋ ማሰብ ይጀምራል። ከዋጋው በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ የተቃጠለው በእርግጥ ኮምፕሬሰሩ ነው? መብራት ሄድ መጣ በሚልባቸው የጎጃም ከተሞች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ከኮምፕሬሰሩ ጎን ተሰክቶ እሱን የሚያስነሳው ትንሹ ሪሌ ነው። ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ ምርመራውን ይመርምሩ

ፍሪጁን ሰክተው ያዳምጡ። ጠቅ ይልና ለጥቂት ሰከንድ እምም ብሎ እንደገና ጠቅ ብሎ ከጠፋ፣ ከደቂቃዎች በኋላም ይህንኑ ከደገመ፣ ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት እየሞከረ ነው ማለት ነው። እንዳይነሳ የሚያደርገው ሪሌው፣ የመብራቱ ኃይል ማነስ ወይም ኮምፕሬሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ኃይሉን ለማወቅ ሶኬቱ ላይ በቴስተር ይለካል፤ የሚለካውም ፍሪጁ ለመነሳት በሚሞክርበት ቅጽበት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የእንጀራ ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ችግሩ ከመስመሩ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለ ስታብላይዘር የሚገባ አዲስ ፍሪጅም ያው ዕጣ ይጠብቀዋል።

ቀጥሎ ሶኬቱ ተነቅሎ ሪሌው ከኮምፕሬሰሩ ይወጣል። ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር ካለው ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ሊነዝር ስለሚችል ይህን ሥራ ለሠሪው ይተዉት፤ እርስዎ ግን አጠገቡ ይቁሙ። ሪሌው ሲወዘወዝ ውስጡ እንደተሰበረ ሸክላ ከተንኮሻኮሸ መቀየር አለበት። ሪሌው ከወጣበት ቦታ የኮምፕሬሰሩ ሦስት እግሮች ብቅ ብለው ይታያሉ። በቴስተር ሁለት ሁለቱ ሲለኩ፣ ትልቁ ንባብ የሁለቱ ትንንሽ ንባቦች ድምር መሆን አለበት፤ ለምሳሌ 12 እና 20 ኦም ካነበበ ሦስተኛው 32 ይሆናል። ድምሩ ካልገጠመ፣ ወይም አንዱ እግር ከኮምፕሬሰሩ ብረት ጋር ከተገናኘ፣ በእርግጥም ተቃጥሏል። ንባቡ ደህና ከሆነ አዲስ ሪሌና ኮምፕሬሰሩ ከመጠን በላይ ሲግል መብራቱን የሚቆርጠውን ኦቨርሎድ ገጥሞ መሞከር ይቀድማል። በትክክለኛ ኃይልና በአዲስ ሪሌም እምም ብሎ ከቀረ ውስጡ ነክሷል፤ ያኔ ሠሪው ልክ ነው።

ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ፍሪጁ ካልቀዘቀዘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ወይ ጋዙ አልቋል፣ ወይ ኮምፕሬሰሩ መግፋት አቅቶታል፤ ሁለቱን የሚለየው የጋዙን ግፊት የሚለካው ጌጅ ነው። ጌጅ ሳይሰካ የተሰጠ ፍርድ ግምት ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ደግሞ በክረምት ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ማድ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ኮምፕሬሰሩን እምብዛም ስለማያስነሳ የላይኛው ፍሪዘር ይቀልጣል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ጋዙ የት ሄደ?

ጋዝ በራሱ አያልቅም፤ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ። በረዶ በቢላ ሲፈነቀል የተበሳ የፍሪዘር ግድግዳ ይታያል፣ ሊደፈንም ይችላል። ቀዳዳው በፎሙ ውስጥ በተቀበረው ቧንቧ ላይ ከሆነ ግን የ10 ዓመት ፍሪጅ ገላ መቅደድ አያዋጣም። ኮምፕሬሰሩ ተቀይሮ ቀዳዳው ከቀረ አዲሱም ጋዝ በሳምንታት ይወጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት «ቀዳዳውን አግኝተኸዋል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ጋዝ እንሞላና እናየዋለን» ከሆነ አይስማሙ።

ዋጋው ውስጥ ምን አለ?

ኮምፕሬሰሩ አዲስ ነው ያገለገለ? ከሌላ ፍሪጅ የወጣ ከሆነ ዕድሜውን የሚያውቅ የለም፤ ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ እጠራጠረዋለሁ። የጋዙ ዓይነት ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከውስጥ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ R134a ወይም R600a ተብሎ ይገኛል፤ ኮምፕሬሰሩም ለዚያው ጋዝ የተሠራ መሆን አለበት። R600a የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነ በር ተከፍቶ፣ እሳት ርቆ ነው የሚሠራው፤ ቧንቧው ውስጥ ጋዝ እያለ ብየዳ የሚጀምርን ሰው አስቁሙት።

አሮጌው ተቃጥሎ ከሆነ ዘይቱ አሲድ ሆኖ ቧንቧው ውስጥ ይቀራል። መስመሩ ካልታጠበ፣ ፊልተሩ (ከኋላ ያለችው እርሳስ የምታህል መዳብ) ካልተቀየረና በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አየሩ ካልተሳበ አዲሱም ብዙ አይቆይም። ጋዙ ደግሞ በሚዛን በግራም ይገባል፤ መጠኑ እዚያው ጽሑፍ ላይ አለ። ቫኪዩም ፓምፕና ሚዛን የሌለው ሠሪ የሚጠራው ዋጋ ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ የሚያስወጣዎ ግን በሁለተኛው ጥገና ነው።

አሁን ሒሳቡ

ደምበጫ ያለ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ፤ ብሩ ለስሌት የተወሰደ ስለሆነ በእርስዎ ቁጥር ይተኩት። ጥገናው 17,000 ብር ተባለ። ተመሳሳይ አዲስ ፍሪጅ ከነማጓጓዣው 66,600 ብር ይፈጃል። አዲሱ 12 ዓመት ያገለግላል ብንል በዓመት 5,550 ብር ይሆናል። አሮጌው በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይበላል እንበል፤ ኪሎዋት ሰዓቱ በ4 ብር ቢታሰብ በዓመት 730 ብር ነው። ስለዚህ ጥገናው በዓመት ከ4,820 ብር በላይ ማስወጣት የለበትም። 17,000 ሲካፈል ለ4,820 ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ይመጣል። የተጠገነው ፍሪጅ ይህን ያህል ካገለገለ አሸንፏል፣ በሁለት ዓመት ከሞተ ከስረዋል።

ታዲያ ሦስት ዓመት ተኩል ይኖራል? መልሱ ያለው በሌላው አካል ላይ ነው። አንድ የብር ኖት በበሩ ጎማ መሃል አስገብተው በሩን ዘግተው ይሳቡ። ያለ ችግር ከወጣ ጎማው አልቋል፤ ይህ በቀላሉ ይቀየራል። የውጭው ቆርቆሮ እያላበ ውኃ የሚይዝ ከሆነ፣ ከታች ዝገት ከበላው፣ ወይም ፎሙ ረጥቦ ከሆነ ግን ማንም ኮምፕሬሰር አያድነውም። የደምበጫው ፍሪጅ ገላው ደረቅና ጎማው ጠባቂ ከሆነ፣ ኮምፕሬሰሩም አዲስና በቫኪዩም የሚገጠም ከሆነ፣ እኔ አስጠግነዋለሁ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ 17,000ውን ለአዲሱ አስቀምጠዋለሁ። ጊዜው የዐቢይ ጾም ከሆነ ሥጋና ወተት ስለማይኖር እስከ ፋሲካ ታግሶ ዋጋ ማወዳደርም ይቻላል።

ከወሰኑ በኋላ ለጥገናው በጽሑፍ ዋስትና ይጠይቁ፤ ኮምፕሬሰሩንም የእጅ ሥራውንም የሚሸፍን ይሁን። አሮጌውን ኮምፕሬሰር ይረከቡ፤ መዳብ ስላለበት ቆራሌው ይገዛዋል። በሁለቱም ምርጫ መዘግየት ያለው ስታብላይዘር ይግዙ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱ ሳይወርድ ለመነሳት ይታገላል፤ ስታብላይዘሩ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካቆየው በቀላሉ ይነሳል።