የጠያቂ ብዛት አያታልላችሁ

ባሕር ዳር ላይ ቱሪስት በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት የሚወስድ ወዳጅ አለኝ። ማስታወቂያውን የምከታተልለት እኔ ነኝ። ውጤቱን የማይበትን ዳሽቦርድ በቁጥር ሞልቼው ነበር፤ አሁን ሦስት ብቻ ቀሩ፦ አንድ ጠያቂ የፈጀው ብር፣ ከጠያቂዎቹ ስንት በመቶው ጀልባ እንደያዘ፣ ሽያጩ የማስታወቂያው ወጪ ስንት እጥፍ እንደሆነ።

ሦስቱን አብራችሁ እዩ። በሁለት ማስታወቂያዎች ላይ 6,000፣ 6,000 ብር አወጣን እንበል። የፀሐይ መጥለቂያው ፎቶ 120 ጠያቂ አመጣ፤ አንዱ በ50 ብር። ርካሽ ነው አይደል? ጀልባ የያዙት ግን 3 ብቻ ናቸው፣ 2.5 በመቶ። ዋጋና የመነሻ ሰዓት የተጻፈበት 40 ጠያቂ አመጣ፤ አንዱ በ150 ብር። ከነሱ 8ቱ ያዙ፣ 20 በመቶ።

ጉዞው 3,000 ብር ከሆነ የመጀመሪያው 1.5 እጥፍ፣ ሁለተኛው 4 እጥፍ ሸጠ። 1.5 ትርፍ ይመስላል፤ ኪሳራ ነው። ነዳጅና ጀልባ ነጂ 1,800 ብር ከወሰዱ ከአንድ ጉዞ የሚተርፈው 1,200 ነው። 3,000ን ለ1,200 ስታካፍሉ 2.5 ይመጣል። ከዚያ በታች የሆነ ማስታወቂያ ከኪስ ያስወጣል። ይህን ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ በቀይ መስመር አስምሩት።

አንድ ነገር፦ ብዙ ሰው ፌስቡክ ላይ አይቶ በስልክ ነው የሚይዘው። ደዋዩን «የትኛውን አይተው ነው?» ብላችሁ ካልመዘገባችሁ ስሌቱ ሁሉ ገደል ገባ።